የጠፋ ዱቤ ከግብር ላይ እንዴት ይቀነሳል? ከመጠባበቂያ እስከ ስረዛ

ደብረ ብርሃን ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ዱቤ አልሰጥም ቢል ገበያው ጥሎት ይሄዳል። ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያሉት ቸርቻሪዎች ዕቃውን ወስደው፣ ሸጠው ነው የሚከፍሉት። አብዛኛው ይከፍላል። የማይከፍለውን ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛው በሁለት መንገድ ይይዘዋል። አንደኛው ለአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ መያዝ ነው፤ ብዙዎቻችን ፕሮቪዥን እንለዋለን። ሁለተኛው ዕዳውን ከመዝገብ መሰረዝ ነው። ለባለሱቁ ሁለቱም ያው የጠፋ ብር ናቸው። ለግብር ግን አንድ አይደሉም።

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ወደፊት ይደርሳል ተብሎ ለሚጠበቅ ኪሳራ የተያዘ መጠባበቂያ ተቀናሽ ወጪ አይሆንም። ባንኮችና መሰል የፋይናንስ ተቋማት የራሳቸው ልዩ ድንጋጌ አላቸው፤ እነሱን እዚህ አልነካም። ለነጋዴው ተቀናሽ የሚሆነው በትክክል የጠፋው ዕዳ ነው፣ ያውም መስፈርቱን ሲያሟላ። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ይዘን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የተሰብሳቢ ሂሳቡን ዝርዝር በዕድሜ ከፋፍሉ፦ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 90 ቀን፣ ከዚያ በላይ። ፒችትሪ ሪፖርቱን ያወጣላችኋል። እኔ ግን ወደ ኤክሴል ገልብጬ በእያንዳንዱ ደንበኛ ስም አጠገብ አንድ መስመር ማስታወሻ እጽፋለሁ። ፕሮግራሙ ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ እንደሄደ አያውቅም።

ከዚያ መጠባበቂያውን ያዙ። ማህበራችን በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ፣ ሰኔ 30፣ 180,000 ብር ያዘ እንበል። አጠራጣሪ ዕዳ ወጪ ዴቢት፣ መጠባበቂያ ክሬዲት። ከዚህ ወጪ በኋላ የሂሳብ ትርፉ 1,220,000 ሆነ።

ቀጥሎ የግብር ስሌት ነው። መጠባበቂያው ተቀናሽ ስላልሆነ 180,000ው ተመልሶ ይደመራል። ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 1,400,000፣ ግብሩ በ30 በመቶ 420,000 ይሆናል። የሂሳብ መግለጫውን ትርፍ እንዳለ ገልብጦ ያሳወቀ ሰው 366,000 ከፍሎ ነበር። የ54,000 ልዩነቱ ኦዲት ሲመጣ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይጠየቃል። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው አይሳሳትም፤ ኦዲተሩም ቶሎ ያየዋል።

ስህተቱ የሚበዛው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው ደንበኛ 138,000 ብር ነበረበት። የሰጠው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመለሰ፤ ክስ ተመሠረተ፤ ፍርድ ተሰጠ፤ በአፈጻጸም ሲፈለግ የሚያዝ ንብረት አልተገኘም። በ2017 ዕዳው ይሰረዝ ተባለ። መጠባበቂያ ስላለ ምዝገባው እንዲህ ነው፦ መጠባበቂያ ዴቢት 138,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት 138,000።

ልብ በሉ፣ በዚህ ምዝገባ ውስጥ ወጪ የሚባል ነገር የለም። ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የሸዋ ሮቢቱ ዕዳ ጭራሽ አይታይም፤ ወጪው አምና ተይዞ አልቋል። የግብር ስሌቱን ከትርፍና ኪሳራ ብቻ ተነስቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ የማያየውን አይቀንስም። አምና መጠባበቂያውን መልሶ ደምሮ ግብር ከፈለበት። ዘንድሮ ዕዳው በእርግጥ ጠፋ፣ ሕጉም ቀንስ አለው፣ እሱ ግን አልቀነሰም። ባለቤቱ «ብሬም ጠፋ፣ ግብሩም ተከፈለ፣ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ የትርፍና ኪሳራውን መግለጫ ትታችሁ የመጠባበቂያውን ሌጀር ክፈቱ። መነሻው 180,000 ነበር፤ 138,000 ሲሰረዝ 42,000 ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩ እንደገና ሲታይ 90,000 ያስፈልጋል ከተባለ የዘንድሮ ተጨማሪ ወጪ 48,000 ነው። ትርፍና ኪሳራ ላይ የምታዩት ይህችን 48,000 ብቻ ነው። እሷም መጠባበቂያ ስለሆነች ትደመራለች። የተሰረዘው ግን ለብቻው ይቀነሳል።

ስንት ይቀነስ? 138,000 እንዳትሉ። ከዚህ ውስጥ 120,000ው የዕቃው ዋጋ፣ 18,000ው ቫት ነው። አዋጁ ተቀናሽ የሚፈቅደው ዕዳው ቀድሞ በገቢ ውስጥ ተካቶ ከሆነ ነው፤ ቫቱ ደግሞ ለመንግሥት የተሰበሰበ እንጂ ገቢያችሁ ሆኖ አያውቅም። የቫቱ ጉዳይ በራሱ በቫት ሕግ ይታይ። በዚሁ መስፈርት ለሠራተኛ የተሰጠ ብድር ወይም ለአቅራቢ የተከፈለ ቀብድ ቢጠፋም እዚህ አይገባም፤ ሽያጭ ሆኖ ስላልተመዘገበ።

የ2017 የሂሳብ ትርፍ 952,000 ነው እንበል። ሲሠራ እንዲህ ይመጣል፦

የሂሳብ ትርፍ 952,000
ይደመር፦ የዓመቱ መጠባበቂያ ወጪ 48,000
ይቀነስ፦ የተሰረዘ ዕዳ 120,000
ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 880,000
ግብር በ30 በመቶ 264,000

መቀነሱን የረሳ ሰው 1,000,000 ላይ 300,000 ይከፍላል። 36,000 ብር በከንቱ ሄደች ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ማንም ኦዲተር ደውሎ አይነግራችሁም።

አሁን ስለ ማስረጃው። አዋጁ ዕዳው በዚያው የግብር ዓመት ከመዝገብ እንዲሰረዝና ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ ተወስዶም መሰብሰብ እንዳልተቻለ ይፈልጋል። «ስልኩን ዘግቷል» ማስረጃ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ የሽያጭ ደረሰኙ፣ ዕቃ የተረከበበት ፊርማ፣ የተመለሰው ቼክ ከባንኩ ማረጋገጫ ጋር፣ የተጻፈለት ማስጠንቀቂያ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔውና የአፈጻጸም መዝገቡ ይኑር። ስረዛው የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤም አያይዙ። ለጠበቃ የሚወጣውን ብር የሚሰስት ባለቤት ካጋጠማችሁ የ36,000ዋን ስሌት አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዕዳው 5,000 ብር ቢሆን ግን ክሱ ራሱ ከሚያስቀረው ግብር በላይ ያስወጣል፤ ያኔ መተው ይሻላል።

ከዚህ የተነሳ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። ክሱ ገና ከሆነ ዕዳው በመጠባበቂያ እንደተያዘ ይቆይ። ያለ ማስረጃ በ2017 ሰርዛችሁት የፍርድ ቤቱ ወረቀት በ2018 ቢመጣ፣ ስረዛውና መስፈርቱ በተለያየ ዓመት ወድቀው ጭቅጭቅ ውስጥ ትገባላችሁ። መጠባበቂያውን መያዝ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ግብሩን ስለማይነካው ስጋቱ እንደታየ ያዙት።

የተሰረዘው ደንበኛ ተመልሶ ቢከፍልስ? ተቀንሶለት የነበረው ያህል በተከፈለበት ዓመት ገቢ ሆኖ ግብር ይከፈልበታል። መጠባበቂያ የተያዘለት፣ ግን ያልተሰረዘ ደንበኛ ሲከፍል ነገሩ ይገለበጣል። መጠባበቂያው ሲነሳ ትርፍና ኪሳራ ላይ ገቢ መስሎ ይገባል፤ ሲያዝ ግን ከግብር አልተቀነሰም ነበር። ስለዚህ ያንን ገቢ ከግብር ስሌቱ አውጡት። የመጠባበቂያውን ሌጀር ከግብር ማስታወቂያው ጋር አያይዛችሁ እስከ ጥቅምት 30 አስገቡ፤ ቀጣዩ ሂሳብ ሠራተኛ ያለዚያች ወረቀት የትኛው ግብር እንደተከፈለበት አያውቅም።