ቆሞ የሰነበተ መኪና አልነሳ ሲል፦ ባትሪውን የሚጨርሰውን ተጨማሪ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት

ጥቂት ቀናት የቆመ መኪና አልነሳ ብሎ፣ በሌላ ባትሪ ሲታገዝ ግን ወዲያው ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ከሠራ፣ ቁልፉ ወጥቶም ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል። በቅድሚያ ግን ባትሪው ራሱ ያረጀ እንዳይሆን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው የኔጋቲቩን ገመድ ይፍቱና ያንኑ ያህል ቀን ያቆዩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ከቆየ ጥፋቱ የመኪናው ነው።

ለመለካት ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ከመኪናው ያርቁ፤ ፊውዞቹ ያሉት ውስጥ ከሆነ በሩን ከፍተው የበሩን ቁልፍ ምላስ በካቻቪቴ ገፍተው ይዝጉት፤ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ከዚያም የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ሰክተው፣ አንዱን ጫፍ ከተፈታው የኔጋቲቭ ገመድ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያገናኙ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር ወይም መብራት ማብራት የመሣሪያውን ፊውዝ ያቃጥላል። መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ቢታይ አይደንግጡ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪያርፉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው መኪና ከ0.05 አምፔር አይበልጥም።

ንባቡ 0.35 አምፔር ላይ ቆመ እንበል። ይህ በቀን 8.4፣ በአራት ቀን ደግሞ 34 አምፔር ሰዓት ገደማ ስለሚሆን፣ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከግማሽ በላይ ይራቆታል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ የሬዲዮው ፊውዝ ሲነቀል ወደ 0.03 ከወረደ መንገዱ ተገኝቷል። በኋላ በተገጠመ ሬዲዮ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጥፋት፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቢጫ ሽቦና በቁልፍ ብቻ መሥራት ያለበት ቀዩ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው መገኘታቸው ነው፤ ሬዲዮው የጠፋ ቢመስልም እሱና አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው ያድራሉ። ቀዩን ለይተው፣ ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልት፣ ሲጠፋ ዜሮ ከሚያሳይ መስመር ጋር በፊውዝ በኩል ያገናኙት።

ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለውም ቁጥሩ ካልወረደ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ ተርሚናል በቅርበት ይመልከቱ። የማንቂያ ደወል፣ የመከታተያ መሣሪያና የመንገድ ካሜራ ገጣሚዎች አንዳንድ ጊዜ ቀጭን ሽቦ በቀጥታ እዚያው ላይ ያስሩታል፤ እንዲህ ያለው መስመር በፊውዝ ሳጥኑ ስለማያልፍ ፈላጊውን በከንቱ ያደክማል። መከታተያው በየተወሰነ ጊዜ ነቅቶ መልእክት የሚልክ ከሆነም ቁጥሩ ወጣ ገባ ስለሚል፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ዓይንን ሳይነቅሉ መከታተል ያስፈልጋል።

ሲጨርሱ የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ ይመልሱት፤ በአምፔር ቀዳዳ እንደተሰካ ቮልት ሊለካበት ቢሞከር ባትሪውን ሾርት ያደርጋል።