«አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የቅጥር ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የመጀመሪያው የ«አልተመረጡም» ኢሜይሌ ሰው አንከራቷል። ለሒሳብ ሠራተኛነት ተፈትኖ 2ኛ የወጣ የወልድያ ልጅ ነበር። ቅር እንዳይለው ብዬ «ያሳዩት ብቃት አስደስቶናል፤ ወደፊት አብረን እንደምንሠራ ተስፋ እናደርጋለን» ብዬ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጥቶ፣ ከዚያ ቁልቁል ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ሻንጣውን እንደያዘ በራችን ላይ ቆመ። ኢሜይሉን ደግሜ ሳነበው «አልተመረጡም» የሚል ቃል የለበትም።

እኛ ወሎዎች እምቢታን በግልጥ መናገር ይከብደናል። «እስቲ እናያለን» ስንል ፊታችንና ድምፃችን የቀረውን ይናገራሉ። ኢሜይል ግን ፊት የለውም፣ ሰው የሚያነበው የጻፍነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ በግልጥ መጻፍ አለበት።

1. ከመጻፍዎ በፊት የተመረጠው ሰው ውል መፈረሙን ያረጋግጡ። 1ኛ የወጣው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ፣ ትናንት «አልተመረጡም» ያሉትን ሰው ዛሬ መለመን ይመጣል። ፊርማው ካለቀ በኋላ ግን ከሁለት ቀን በላይ አያዘግዩት።

2. ርእሱንና ስሙን ያስተካክሉ። ርእሱ «የሒሳብ ሠራተኛ ማመልከቻዎ ውጤት» ይሁን፣ ይበቃል። ስሙ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከውጭ የመጡ የቅጥር ፕሮግራሞች ሰውን በመጨረሻ ስሙ ይጠራሉ። ሰዒድ ከበደ ያመለከተውን ሥራ አቶ ከበደ አላገኙም ብለው ለአባቱ ይጽፋሉ ማለት ነው! ሴት ከሆነች ደግሞ ወይዘሮና ወይዘሪት እያሉ አይገምቱ፤ ሙሉ ስሟን ጽፈው በ«እርስዎ» ይቀጥሉ። በስሙም ተመርተው «አላህ ያግዝዎ» ወይም «እግዚአብሔር ይርዳዎ» አይበሉ። ወሎ ውስጥ ስም ሃይማኖትን አይናገርም፤ «መልካም ዕድል» ለሁሉም ይሆናል።

3. ውጤቱን በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይንገሩ። ምስጋናው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ምስጋና በበዛ ቁጥር አንባቢው ተስፋው እየጨመረ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሲወድቅም ይብስበታል።

4. አንድ እውነተኛ ምክንያት ይስጡ። ምክንያቱ ከሥራው የወጣ እንጂ ከሰውዬው ጠባይ የተወሰደ አይሁን። «ልምድዎ አነስተኛ ነው» ፍርድ ነው። «ቦታው የሰኔ 30 ሒሳብን ብቻውን የዘጋ ሰው ይፈልግ ነበር» ግን አመልካቹ በሚቀጥለው ዓመት ሊያሟላው የሚችለው ነገር ነው። ስለተመረጠው ሰው ማንነት አንድም ነገር አይጻፉ።

5. በሩን ክፍት የሚተዉት በቀን ወስነው ነው። «ወደፊት እናገኝዎታለን» ማለት ሰውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ መጥፋት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ድርጅት 10 ሳምንት ያህል ነው። አዲሱ ሠራተኛ ሊለቅ ወይም ሊሰናበት የሚችልበት ጊዜ በአብዛኛው ይህ ስለሆነ፣ 2ኛውን ሰው ለዚሁ ጊዜ በተጠባባቂነት መያዝ ትርጉም አለው። 9ኛ ለወጣው ግን ይህን አይጻፉ፤ አይደውሉለትማ።

አዲሱ ሠራተኛ ጥቅምት 1 ሥራ ጀመረ እንበል። ለወልድያው ልጅ መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ ነበር፦

> ለአቶ ሰዒድ ከበደ
>
> ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ አመልክተው ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ኮምቦልቻ ድረስ ስለመጡ እናመሰግናለን። ለዚህ ቦታ አልተመረጡም፤ ቦታው በሌላ አመልካች ተይዟል።
>
> በጽሑፍ ፈተናው ጥሩ ውጤት አምጥተዋል። ልዩነቱን የፈጠረው ቦታው የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ብቻውን የሠራ ሰው መጠየቁ ነው።
>
> በውጤትዎ 1ኛ ተጠባባቂ ነዎት። ቦታው እስከ ታኅሣሥ 15 ከተከፈተ በቅድሚያ የምንደውለው ለእርስዎ ነው። ይህ ግን የቅጥር ተስፋ ስላልሆነ ሌላ ሥራ ካገኙ እኛን አይጠብቁ። የሰጡን የማስረጃ ኮፒ እስከዚያ ቀን እኛ ዘንድ ይቆያል።
>
> መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን።

«ሌላ ሥራ ካገኙ እኛን አይጠብቁ» የሚለው እንዳይወጣ። ሻንጣ አስይዞ የሚያስመጣውን ተስፋ የሚገታው እሱ ነው። ለፈተና ላልተጠሩት አመልካቾች ግን ምስጋናው፣ ውጤቱና መልካም ምኞቱ፣ ሦስት መስመር፣ ይበቃል።

ኢሜይሉን እንደላኩ ታኅሣሥ 15ን ስልክዎ ላይ በማስታወሻ ይያዙ። ቀኑ ሲደርስ ቦታው ካልተከፈተ «የተጠባባቂነት ጊዜዎ አብቅቷል፤ አዲስ ማስታወቂያ ስናወጣ እንደገና ቢያመለክቱ ደስ ይለናል» ብለው ሁለት መስመር ይላኩለት።