ጉሮሮ ሲታመምና አንገት ላይ ንፍፊት ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ በየቀኑ የምሰማው ንግግር ይሄ ነው፦ «እህቴ፣ ቶንሲሌ ተነስቶብኛል፤ አሞክሳሲሊን አንድ ስትሪፕ ስጪኝ።» ዝም ብዬ አልሰጥም። ያስልሃል ወይ? አፍንጫህ ይፈሳል ወይ? መቼ ጀመረህ? ንፍፊቱ የቱ ጋ ነው? እነዚህን ስጠይቅ የሚናደድ አለ፤ ግን መልሱ ያለው እዚያው ነው።

ጉሮሮው ይከረክራል፣ ያስላል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ድምፅ ይዘጋል

ይህ ቫይረስ ነው፤ ጉንፋን ነው። በተለይ አዋቂ ላይ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከዚህ አያልፍም። አንገት ላይ ንፍፊት መውጣቱ ነገሩን ወደ ባክቴሪያ አይቀይረውም። ንፍፊት ሰውነት ጀርም የሚይዝበት ቦታ ነውና ለቫይረስም ያብጣል። አሞክሳሲሊን እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። «ባለፈው ወስጄው አድኖኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሕመሙ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ሰው ደግሞ ኪኒን የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን፣ ሲመረው ነው። በአራተኛው ቀን ሊሻለው የነበረው ሰው ምስጋናውን ለኪኒኑ ይሰጣል። ሳይወስድ ቢቀርም በሳምንት ውስጥ ይሻለው ነበር። ንፍፊቱ ግን ከሕመሙ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አያስደንግጥ።

ትኩሳት በድንገት ይመጣል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ሳል የለም

ትኩረት የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ብዙም አይታይም። ልጁ ጠዋት ሲጫወት ውሎ ማታ ያተኩሰዋል፤ ራሱንና ሆዱን ያመዋል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ምራቁን ሲውጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን የለውም።

ንፍፊቱን እንዲህ ይዩት። ልጁ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያድርግ፤ በሁለት ጣት ከመንጋጋው ማዕዘን በታች፣ ከአንገቱ ፊት ለፊት በቀስታ ይዳስሱ። ባቄላ የሚያህል ነገር ካለና ሲነኩት ልጁ ከሸሸ፣ ከትኩሳቱና ከሳል አለመኖር ጋር ተደምሮ ወደ ባክቴሪያ ያጋድላል። በስልክ መብራት አፉን ሲያዩ ቶንሲሉ ቀልቶና አብጦ ነጭ ነገር ይዞ ይሆናል፤ አንዳንዴ ላንቃው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይኖራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጩ ነገር ብቻውን ማስረጃ አይደለም። «መግል ይዟልና ባክቴሪያ ነው» የሚለው አባባል ስንቱን አሳስቷል! ቫይረስም ነጭ ያስይዛል። ነጩን በጣት ወይም በጥጥ ለመፋቅ አይሞክሩ። እነዚህ ምልክቶች ጥርጣሬ ይሰጣሉ እንጂ እርግጡ የሚታወቀው ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ነው። የናሙና ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው ምልክቶቹን ደምሮ ይወስናል።

ይህን ሁሉ የምለው ጉሮሮው ራሱ አስፈርቶኝ አይደለም፤ እሱስ ሳይታከምም ሊሻለው ይችላል። የሚያስፈራው ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ የልብ በሮችንም ይጎዳል። በአገራችን በየአራት ሳምንቱ «የወር መርፌ» እየተወጉ ለዓመታት የሚመላለሱት ልጆች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው። ሕክምናው ጉሮሮው ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ይህን አደጋ ይከላከላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ለምርመራ መጠበቅ ጉዳት የለውም።

መድኃኒቱ ተጀምሮ ሕመሙ ተመለሰ

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ድክመት ይልቅ ጠርሙሱ ነው። አንዲት እናት 20 ኪሎ የሚመዝን ልጃቸውን ጤና ጣቢያ አሳይተው ማዘዣ ይዘው መጡ። የአሞክሳሲሊኑ ልክ በቀን 50 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ለእሱ በቀን 1000 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን። በ5 ሚሊ ሊትር 250 የሚይዘው ሽሮፕ ከሆነ ጠዋት 10፣ ማታ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዱ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአምስት ቀን ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። እኚህ እናት ግን ቀደም ሲል ከሌላ ቦታ አንድ ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሲያልቅ ሕክምናው ያለቀ መሰላቸው። ልጁም በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቆት ሲሮጥ ነበርና ማን ይጠርጥር? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉሮሮው ተመለሰ።

አሁን ሁለቱን ጠርሙስ አንድ ላይ ሰጥቼ የምናገረው ይህን ነው። ሁለተኛውን ዱቄት አብረው አይበጥብጡት፤ ከተበጠበጠ ቆይታው የቀናት ነውና የመጀመሪያው ሲያልቅ ብቻ ይበጥብጡ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ መጀመሪያ ዱቄቱን አራግፈው እስከ ምልክቱ ይሙሉት። በሻይ ማንኪያ አይለኩ! የየቤቱ ማንኪያ የተለያየ ነው፤ ምልክት ባለው መለኪያ ይስጡ። ለወንድሙ «ትንሽ ትተርፈዋለች» ብለው አያካፍሉ። 10 ቀን የማይዘለቅ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አለ፤ ለባለሙያው ይንገሩት። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ ከሆነ ግን ይህንን አስቀድመው ይናገሩ። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው፣ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

አሞክሳሲሊን ሲወስድ መላ ሰውነቱ ሽፍ አለ

ወጣት ከሆነ፣ ድካሙ ከጠናና ንፍፊቱ ከአንገቱ ኋላ በኩልም ካለ ሞኖ የሚባለው የቫይረስ ሕመም ይጠረጠራል። ሽፍታው ሁልጊዜ የፔኒሲሊን አለርጂ አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ጣፊያ ስለሚያብጥ ለጥቂት ሳምንታት ኳስና ከባድ ሸክም ይቅር።

ሕመሙን ማስታገሻ

ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ ይህ ያው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት፤ መጉመጥመጥ ለሚችል ልጅ ብቻ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4000 ሳያልፍ። የጉንፋን ኪኒኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ አንድ ላይ አይደርቡ፤ ጉበት ይጎዳል። ለልጅ በኪሎው ነው የሚለካው። ለልጅ አስፕሪን በፍጹም! ማር በሻይ ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። መዋጥ ላቃተው ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ወይም እርጎ ይቀለዋል፤ በርበሬው ለጥቂት ቀን ይቆይ።

ብዙ የማይገጥሙ

የማያም፣ እርስ በርሱ የተጣበቀና ከሦስት አራት ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት፦ ለቲቢ ይመርመር። የእንቅርት ሆርሞን የሚቀንስ ኪኒን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው፦ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያውኑ የደም ምርመራ። ያልተከተበ ልጅ፣ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ካለ፦ ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥታ ሆስፒታል።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ የጉሮሮ ሕመምን አያድንም። ደም አፍስሶ፣ ቁስሉም አመርቅዞ የመጡ ሕፃናት አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት።

አፉን መክፈት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረበረበ፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ሲተነፍስ ካንቋረረ እስኪነጋ አይጠብቁ። አፉን ከፍተው ለማየትም አይታገሉት፤ እንደተቀመጠ አቅፈው ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት።