የሱቅ ወርሃዊ ሽያጭን በተንቀሳቃሽ አማካይ ስታሰሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተንቀሳቃሽ አማካይ ከባድ ሒሳብ አይደለም። የጥቂት ተከታታይ ወራትን ሽያጭ ትደምራላችሁ፣ ለብዛታቸው ታካፍላላችሁ፣ አዲስ ወር ሲመጣ የድሮውን ጥላችሁ አዲሱን ታስገባላችሁ። አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስንት ወር ልደምር፣ ውጤቱን የትኛው ወር ላይ ልጻፈው፣ ለቀጣዩ ግዢስ እንዴት ልጠቀምበት የሚሉት ጥያቄዎች ላይ።

ደብተር የሚሸጥ አንድ ትንሽ ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ነገሩ ጎልቶ እንዲታይ እኔው ነኝ ያዘጋጀኋቸው። መለኪያው በወሩ የተሸጠው የእሽግ ብዛት ነው። ገንዘብ ያልተጠቀምኩት ሆን ብዬ ነው፦ ዋጋ ሲጨምር በገንዘብ የተመዘገበ ሽያጭ ያድጋል፣ ከሱቁ የወጣው ዕቃ ግን አንድ እሽግ እንኳ ላይጨምር ይችላል። ትምህርት የሚከፈተው በ9ኛው ወር ነው እንበል።

| ወር | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት |
|---|---|---|
| 1 | 80 | 90 |
| 2 | 81 | 90 |
| 3 | 92 | 103 |
| 4 | 93 | 104 |
| 5 | 104 | 116 |
| 6 | 95 | 105 |
| 7 | 95 | 106 |
| 8 | 128 | 143 |
| 9 | 194 | 216 |
| 10 | 109 | 121 |
| 11 | 88 | 98 |
| 12 | 111 | 123 |

ይህን ወር ካለፈው ወር ጋር ማወዳደር

በ1ኛው ዓመት ከ9ኛው ወደ 10ኛው ወር ሽያጩ ከ194 ወደ 109 ወረደ። 44 በመቶ ማለት ነው። ባለሱቁ ደንግጦ ዋጋ ቢቀንስ ወይም ሠራተኛውን ቢቆጣ አይገርምም። ግን ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ተማሪው ደብተሩን ገዝቶ ጨርሷል። ወደፊት እንደምናየው፣ የወቅቱን ተፅዕኖ ስናወጣው ሱቁ በዚያ ወር እንዲያውም በትንሹ አድጓል። ሌላ ስሌት ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ወሩን ካምና ከተመሳሳዩ ወር ጋር አወዳድሩት።

በ3 ወር አማካይ ወቅትን ማጥፋት ይቻላል ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የ3 ወር አማካይ መስመሩን ለስለስ ያደርገዋል፣ ለዓይንም ደስ ይላል። ለስለስ አለ ማለት ግን ወቅቱ ወጣ ማለት አይደለም። የወቅቱ ጉብታ እዚያው አለ፣ ትንሽ ተለጥጦና ዘግይቶ።

በቁጥር እንየው። በ9ኛው ወር መጨረሻ ያለፉት 3 ወራት አማካይ (95 + 128 + 194) ÷ 3 = 139 ነው። በ10ኛው ወር መጨረሻ ደግሞ (128 + 194 + 109) ÷ 3 ወደ 144 ይጠጋል። አያችሁ? ሽያጩ ከወረደ በኋላ አማካዩ ገና እየወጣ ነው፤ ጫፉ ላይ የደረሰው ገበያው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ባለሱቁ ይህን አምኖ ለ11ኛው ወር 144 እሽግ ቢያስገባ የሚሸጠው 88 ነው። 56 እሽግ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ወቅቱ በየ12 ወሩ የሚደጋገም ከሆነ አማካዩም የ12 ወር መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማንኛውንም ተከታታይ 12 ወር ብትወስዱ እያንዳንዱ ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይገኝበታል። 9ኛው ወር ሁልጊዜ ውስጥ አለ፣ ደካማው 11ኛውም አለ፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። የ10 ወይም የ14 ወር አማካይ ይህን አያደርግም፤ አንዳንድ ወራትን ይዘላል ወይም ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

የ12 ወሩን አማካይ የመጨረሻው ወር ላይ መጻፍ

የ1ኛው ዓመት ድምር 1270 ነው፣ አማካዩ 105.8። ይህ ቁጥር የየትኛው ወር ነው? አብዛኛው ሰው 12ኛው ወር ላይ ይጽፈዋል፣ ምክንያቱም ያሰላው ያኔ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዓመቱ መሐል ነው፣ በ6ኛውና በ7ኛው ወር መካከል ስላለው ቦታ። እየሰፋ በሚሄድ ሱቅ ውስጥ የመሐሉን ቁጥር የመጨረሻው ወር ላይ ማስቀመጥ ሱቁን ከእውነቱ ያሳንሰዋል።

12 ጥንድ ቁጥር ስለሆነ መሐሉ ወር ላይ አያርፍም፣ በሁለት ወራት መካከል ይንጠለጠላል። መላው እንዲህ ነው፦ ሁለት ተከታታይ የ12 ወር አማካዮችን ወስዳችሁ እንደገና አማካያቸውን ታወጣላችሁ። ከ1ኛው እስከ 12ኛው ወር ያለው 105.83 ነው። አንድ ወር ስንገፋ፣ 80 ወጥቶ 90 ሲገባ፣ 106.67 ይሆናል። የሁለቱ አማካይ 106.25 በትክክል 7ኛው ወር ላይ ያርፋል። ይህ የተማከለ ተንቀሳቃሽ አማካይ ይባላል። ኤክሴል ላይ የሁለቱ ዓመታት ሽያጭ በአንድ ዓምድ ተከታትሎ ከ`B2` የሚጀምር ከሆነ የ7ኛው ወር ረድፍ 8 ነው፦

```
C8: =(AVERAGE(B2:B13)+AVERAGE(B3:B14))/2
D8: =B8/C8
```

እስከ ረድፍ 19 ድረስ ወደ ታች ጎትቱት። `D` ላይ የሚወጣው ቁጥር ወሩ ከሱቁ መደበኛ ደረጃ በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይነግራችኋል፣ የወቅት ኢንዴክስ የሚባለው ይሄ ነው። በምሳሌያችን 9ኛው ወር 194 ÷ 107.9፣ ማለትም 1.80 ይሆናል። 11ኛው 0.80 ነው፣ 10ኛው 1.00 አካባቢ። አሁን ወደ መጀመሪያው ድንጋጤ እንመለስ፦ 194 ለ1.80 ሲካፈል 108 አካባቢ ነው፣ 109 ለ1.00 ሲካፈል 109 ነው። ወረደ የተባለው ሱቅ አልወረደም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ትተው ወሩን በዚያው ዓመት አማካይ ያካፍሉታል። ሱቁ ባለበት የሚረግጥ ከሆነ ችግር የለውም። የሚያድግ ከሆነ ግን እድገቱ ወቅት መስሎ ይገባል። በእኛ ሱቅ 1ኛው ወር በዚህ መንገድ 0.76 ይወጣል፣ በተማከለው አማካይ ግን 0.81 ነው። ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያሉት ወራት ሱቁ ገና ትንሽ ስለነበር ብቻ ደካማ ተደርገው ይቆጠራሉ።

አንድ የማያስደስት ነገር አለ። የተማከለው አማካይ በሁለቱም ጫፍ 6 ወር ይበላል። ስለዚህ የ2 ዓመት መዝገብ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ወር የምታገኙት አንድ ኢንዴክስ ብቻ ነው፤ 3 ዓመት ሲሞላ ሁለት ይሆናል። 9ኛው ወር አንዴ 1.82፣ አንዴ 1.77 ከወጣ አማካዩን ይዛችሁ ቀጥሉ። አንዴ 1.8፣ አንዴ 1.2 ከወጣ ግን አማካይ አታውጡ፣ ምን እንደተፈጠረ ፈልጉ።

የመጨረሻውን አማካይ በኢንዴክሱ አባዝቶ ዕቃ ማዘዝ

ለ3ኛው ዓመት 9ኛ ወር ስንት እሽግ እናስገባ? ብዙ ሰው የ2ኛውን ዓመት አማካይ፣ 117.9ን፣ በ1.80 ያባዛና 212 ያገኛል። ይህ ካምናው 216 እንኳ ያንሳል፤ ሱቁ ደግሞ በየዓመቱ እያደገ ነው። ትንበያችሁ እድገት እያያችሁ ካምና በታች ከወረደ ይህ ስህተት መኖሩን ጠርጥሩ።

117.9 የ2ኛው ዓመት መሐል ቁጥር ነው። የ1ኛው ዓመት መሐል 105.8 ነበር፣ ልዩነቱ 12 አካባቢ፣ በወር 1 ገደማ። ከ2ኛው ዓመት መሐል እስከ 3ኛው ዓመት 9ኛ ወር 14 ወር ተኩል አለ። ስለዚህ ደረጃው 117.9 + 14.5፣ ማለትም 132 ይሆናል፣ በ1.80 ሲባዛ ወደ 238። በ212 እና በ238 መካከል ያለው 26 እሽግ ዋናው የገበያ ወር ላይ «አለቀ» እየተባለ የሚመለስ ደንበኛ ነው። በእርግጥ እድገቱ በዚሁ ፍጥነት ይቀጥላል ብለን ነው ያሰላነው፤ ከጎን ሌላ ደብተር ሻጭ ከተከፈተ ኢንዴክሱ ባይነካ እንኳ 132ቱ ይቀየራል።

ዕቃ ያለቀበትን ወር እንደ መደበኛ ወር መቁጠር

ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ራሱን ይደግማል። በ1ኛው ዓመት 9ኛ ወር ደብተሩ በ20ኛው ቀን አልቆ ቢሆንስ? መዝገቡ 194 ሳይሆን 129 ይላል። 129 የተሸጠው ነው፣ የተፈለገው አይደለም። ስሌቱ ግን ልዩነቱን አያውቅም። የተማከለው አማካይ ወደ 102.5 ይወርዳል፣ ኢንዴክሱም ከ1.80 ወደ 1.26። ደረጃው 132 ነው ብንል እንኳ ትእዛዙ 167 ይሆናል፣ ፈላጊው ግን 238 ነው። በሚቀጥለውም ዓመት ያልቃል፣ አሁንም ትንሽ ይመዘገባል፣ ኢንዴክሱም «ትክክል ነበርኩ» ይላል። የ2 ዓመት መዝገብ ብቻ ካለ ደግሞ የሚያጋልጠው ሁለተኛ ቁጥር የለም። ጉዳቱም በዚያ ወር አይቆምም፤ አማካዩ ስለወረደ 11ኛው ወር ከ0.80 ወደ 0.84 ከፍ ብሎ ይታያል።

ማስተካከያው በእጅ ነው። ዕቃ በነበረባቸው 20 ቀናት በቀን 6.45 ተሸጧል፣ ለ30 ቀን 194 ገደማ ይመጣል። ይህ የሚሠራው ሽያጩ በወሩ ውስጥ እኩል ከተከፋፈለ ነው። ገዢው የሚጎርፈው በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ግን ግምቱ ይጋነናል፣ ስለዚህ ዕቃ ያላለቀበትን ዓመት የዕለት መዝገብ አውጡና እስከ 20ኛው ቀን ምን ያህሉ እንደተሸጠ ተመልከቱ። ከዚያ የተስተካከለውን ቁጥር በሌላ ዓምድ ጻፉት፤ ዋናውን መዝገብ አትሰርዙ። ዕቃ ያለቀበትን ቀን ካሁን ጀምሮ መያዝም አለባችሁ፣ ከዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

በተቃራኒው አንድ ድርጅት ድንገት መጥቶ 60 እሽግ ቢወስድ ያንን ቀንሱት። ካልቀነሳችሁት በዓመቱ በዚያው ወር ለማይመጣ ገዢ ዕቃ ታስገባላችሁ። በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመጣ ደንበኛ ከሆነ ግን ለብቻው ጻፉት፦ የቀሪውን ሽያጭ ትንበያ ካወጣችሁ በኋላ የሱን 60 መጨረሻ ላይ ትደምሩበታላችሁ።