ጥር 12 ወይስ 13?

በቅርቡ ያረፉ አንድ የደሴ ደራሲን የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መዝገብ ሳስተካክል ሁለት የሞት ቀን ገጠመኝ። አንዱ የሐዘን መግለጫ ጥር 12 ቀን 2017 ይላል፤ ሌላው ጥር 13። የሚበዙት ዜናዎች 12ን ይዘዋል። ግን ቃላቸው ሳይቀር አንድ ነው፤ ሁሉም ከአንድ መግለጫ ገልብጠዋል። ስለዚህ እንደ አንድ ምንጭ ቆጠርኳቸው።

ፍንጩን ያገኘሁት ቀብሩ ላይ ከተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ወረቀቱ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ብዙ ሰው ያንን ሌሊት ከሰኞ ጋር ይቆጥረዋል። በፈረንጆቹ ግን እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ጃንዋሪ 21 ገብቷል።

አሁንም ማረጋገጫ ያስፈልገኝ ነበር። ታላቅ ልጃቸው ዘንድ ደወልኩ። እሳቸውም ሳይሰለቹ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያወጡትን የሞት ምስክር ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ የሞቱበትና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ተጽፈዋል፣ ምዝገባው ደግሞ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። የሞት ቀኑ ጥር 13 ይላል። መዝገቡ ላይ፣ የሞት ቀን በሚጻፍበት መስክ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዲህ አስገባሁት፦

```
046 ## $g 20250121
```

ከጎኑ ሰዓቱንና ሁለቱንም ወረቀቶች በማስታወሻ ጻፍኩ።