የታዳጊዎች ኮዲንግ ቡትካምፕ ፍላየር ካፕሽን አጻጻፍ (ቀንና ምዝገባ ሳይምታታ)

ፍላየሩ አልቋል እንበል፣ አሁን የቀረው ከስሩ የሚለጠፈው ጽሁፍ ነው። ብዙ ሰው «ታላቅ የምስራች ለወላጆች በሙሉ!!» ብሎ ይጀምርና ቀኑ አምስተኛው መስመር ላይ ይመጣል። ችግሩ ኢንስታግራም ላይ ካፕሽኑ ሙሉውን አይታይም፣ መጀመሪያ ያሉት 125 ገደማ ፊደላት ብቻ ይታዩና ሌላው ይደበቃል፣ ተጭኖ የሚከፍተው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጽፉት መስመር ለማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን ይያዝ። «ለወጣቶች» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ወጣት ስትሉ የ25 ዓመቱም ይመዘገባል የ10 ዓመት ልጅ ያላት እናትም ትደውላለች። «ከ13 እስከ 17 ዓመት» ብሎ ቁጥሩን ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ልጆቹ ምን ሰርተው እንደሚወጡ ጻፉ። «መሰረታዊ የፕሮግራሚንግ ክህሎት» የሚለው ለወላጅም ለልጅም ምንም አይነግርም። በሁለት ቀን ኮድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቁጥር የሚያስገምት ትንሽ ጌም በፓይተን ሰርቶ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር ይደብቃል፣ ተጫዋቹ ሲገምት «ከፍ አድርግ» «ዝቅ አድርግ» እያለ ይመልስለታል። ይሄንን ጻፉት። የሞባይል አፕ ይሰራሉ ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፣ በአንድ ዊክኤንድ ከዜሮ ተነስቶ እዛ አይደረስም፣ እሁድ ማታ የከፋው ልጅ ሁለተኛ አይመጣም።

አሁን ቀኑ፣ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ጋ ነው። አንድ ካፕሽን ውስጥ ሁለት ቀን አለ፣ ስልጠናው የሚሰጥበትና ምዝገባው የሚያበቃበት። ሁለቱን አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ካስገባችኋቸው ሰው ያምታታቸዋል፣ ለየብቻ መስመር ስጧቸው። የሳምንቱን ቀንም ከቁጥሩ ጋር ጻፉና ካላንደር ከፍታችሁ አመሳክሩ፣ ቅዳሜ ብላችሁ ቁጥሩ አርብ ላይ ከዋለ ግማሹ በስሙ ግማሹ በቁጥሩ ይመጣል። ሰዓቱንም «3 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፣ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ።

እኔ አንዴ ቀኑ በአንድ ሳምንት ሲገፋ ካፕሽኑን ኤዲት አድርጌ ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፍላየሩ ግን ስክሪንሻት ተደርጎ በየግሩፑ ዞሮ ነበር፣ በድሮው ቀን ሰባት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው በሩ ዝግ ሆኖ አገኙት። ከዛ ወዲህ ቀን ከተቀየረ ምስሉንም እቀይርና «ቀኑ ተቀይሯል» የሚል አዲስ ፖስት አወጣለሁ፣ አሮጌውን ኤዲት ማድረግ ብቻውን አይበቃም።

ምዝገባው ላይ ደግሞ QR ኮድ ምስሉ ላይ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ሰውየው ፍላየሩን የሚያየው በስልኩ ነው፣ በዛው ስልክ ካሜራ የራሱን ስክሪን ስካን ማድረግ አይችልም። ሊንኩ ካፕሽኑ ውስጥ በጽሁፍ ይግባ። ቴሌግራም ላይ ሊንኩ ይነካል፣ ኢንስታግራም ካፕሽን ላይ ግን ስለማይነካ ባዮ ላይ አድርጋችሁ «ሊንኩ ባዮ ላይ አለ» በሉ። ስልክ ቁጥሩንም በጽሁፍ ጻፉት፣ ምስል ላይ ያለ ቁጥር በቀላሉ ኮፒ አይደረግም። እባካችሁ «ስምና ስልካችሁን ኮመንት ላይ አስቀምጡ» አትበሉ፣ እነዚህ ልጆች ናቸው፣ ቁጥራቸውን የማያውቁት ሰው ሁሉ ያየዋል። ፎርሙ ላይም የወላጅ ስልክ ጠይቁ፣ ካፕሽኑ ላይ ይሄን አስቀድማችሁ ከነገራችሁ ልጁ ግማሽ ሞልቶ አይተወውም።

ሁሉም ሲገጣጠም እንዲህ ይመጣል፦

«ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች የ2 ቀን ኮዲንግ ቡትካምፕ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 18 እና እሁድ ሐምሌ 19፣ 2018።

ኮድ ጽፋችሁ ባታውቁም ኑ። እሁድ ከሰዓት በፓይተን የሰራችሁትን ጌም ለቤተሰብ ታሳያላችሁ።

ሰዓት፦ ሁለቱም ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት
ቦታ፦ [አዳራሹና መግቢያው]
ክፍያ፦ ነፃ
ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ፎርሙ ላይ ይግለጽ፣ እናዘጋጃለን።

ምዝገባ የሚያበቃው ረቡዕ ሐምሌ 15 ማታ 2 ሰዓት ነው። ቦታው ለ30 ልጅ ነው።
መመዝገቢያ፦ [ሊንክ]
ፎርሙ የወላጅ ስልክ ይጠይቃል።
ለጥያቄ፦ [ስልክ]»

ላፕቶፑን የሚመለከተው መስመር ትንሽ ቢመስልም እንዳትዘሉት፣ ካልተጻፈ ላፕቶፕ የሌለው ልጅ ለኔ አይደለም ብሎ ዝም ይላል። በእርግጥ ማዘጋጀት ካልቻላችሁ «እናዘጋጃለን» አትበሉ፣ «ላፕቶፕ ግዴታ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚሄድ ካፕሽን በተራ አካውንት 1024 ፊደል ነው ጣሪያው፣ ከላይ ያለው ካፕሽን በደንብ ይበቃዋል። 30ው ሲሞላ ፖስቱን አታጥፉት፣ መጀመሪያ መስመር ላይ «ምዝገባው ሞልቷል» ብላችሁ ጨምሩና ፎርሙን ዝጉት።