የምስር ወጡ ፕሮቲን ስሌት ለምን አይገጥምም?

ችግር፦ ከአንድ ምሳ የማይታመን ፕሮቲን ይወጣል

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠለጥን አንድ ሯጭ ጾም ላይ ነው እንበል። ለምሳ ሦስት ጭልፋ የምስር ክክ ወጥ ወጣለት፤ በሚዛን ሲለካው 240 ግራም ሆነ። የምስሩ ማሸጊያ «በ100 ግራም 24 ግራም ፕሮቲን» ስለሚል አባዝቶ 58 ግራም ብሎ ጻፈ። የቀኑን ድርሻ የጨረሰ መስሎት ማታ እንጀራ በጎመን በልቶ ተኛ። እውነተኛው መጠን ግን 18 ግራም ገደማ ነበር። ጾመኛ ስፖርተኛ እንዲህ ሳያውቀው ሲጎዳ ያሳዝነኛል፤ ስህተቱ ያለው ስሌቱ ላይ እንጂ ምግቡ ላይ አይደለምና።

ምክንያት

ማሸጊያው የሚናገረው ስለ ጥሬው ምስር ነው። ምስር ሲበስል ውሃ ይጠጣል፤ ወጥ ሲሆን ደግሞ ሽንኩርትና ዘይት ይጨመርበታል፣ መረቅም ይኖረዋል። ፕሮቲኑ እዚያው ድስት ውስጥ እንዳለ ነው፤ የተበተነበት ክብደት ግን በዝቷል። በውሃ ብቻ ተቀቅሎ የጠነፈፈ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ወጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል።

በማንኪያ ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ምስር 12 ግራም ያህል ስለሚመዝን 3 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይይዛል። በዚያው ማንኪያ የተቀቀለ ምስር ቢለካ ግን የሚገኘው 1 ግራም ገደማ ነው።

መፍትሄ፦ ድስቱን መመዘን

መጀመሪያ ባዶውን ድስት ያለ ክዳኑ መዝነው ቁጥሩን ይጻፉ። ምስሩን ከለቀሙ በኋላ፣ ሳያጥቡት፣ በደረቁ ይመዝኑ። ታጥቦ ወይም ተዘፍዝፎ ከተመዘነ የጠጣው ውሃ እንደ ምስር ይቆጠራል። ከዚያ እንደወትሮው ይሥሩ። ወጡ ከወረደ በኋላ ድስቱን ከነወጡ መዝነው የባዶውን ክብደት ይቀንሱ።

የሯጩን ቤት ድስት እንውሰድ። የገባው ምስር ክክ 500 ግራም ነው፤ ስለዚህ 120 ግራም ፕሮቲን አለው። ባዶው ድስት 1,100 ግራም፣ ከነወጡ ደግሞ 2,700 ግራም ከሆነ ወጡ 1,600 ግራም ነው ማለት ነው። 120ን ለ1,600 አካፍለው በ100 ሲያባዙ በ100 ግራም ወጥ 7.5 ግራም ፕሮቲን ይመጣል። አንድ ጭልፋው 80 ግራም ከያዘ 6 ግራም፣ ሦስቱ 18 ግራም ይሆናሉ። 20 ግራም የምትይዝ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 1.5 ግራም ትሰጣለች። ሽንኩርቱና በርበሬው የሚጨምሩት ጥቂት ስለሆነ ቢተዉትም ግድ የለም።

ወጡን በጭልፋ ከመቅዳትዎ በፊት አማስለው ያዋህዱት። ክኩ ወደ ታች ከዘቀጠ ከላይ የሚቀዳው ጭልፋ መረቅ ይበዛዋል፤ ያኔ ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳህኑ ይለያል።

ችግር፦ የትናንትናው ቁጥር ለዛሬው ወጥ አይሠራም

ምክንያቱ ውሃው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቆላው ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 96 ዲግሪ ይጠጋል። ደጋው ላይ ምስሩ ዘግይቶ ይበስላል፤ ሲንተከተክ ውሃው ይተናል፣ ይጨመራል፣ እንደገና ይተናል። በመጨረሻ ስንት ውሃ እንደቀረ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «ምስር ሲበስል ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል» የሚለውን ግምት ለወጥ አልመክርም፤ በየጊዜው ድስቱን መመዘን ይሻላል።

ችግር፦ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ሆነ

ይህ ተቃራኒው ነው፤ ጥሬው ተመዝኖ በበሰለ ምስር ቁጥር ተባዝቷል። ከመተግበሪያ ወይም ከሠንጠረዥ የሚወስዱ ከሆነ «ጥሬ» ወይም «የተቀቀለ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ካልተጻፈ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ ለምስር 24 አካባቢ ከሆነ የጥሬው ነው፣ 9 አካባቢ ከሆነ የተቀቀለው ነው።

ሩዝና ፓስታም እንዲሁ ናቸው። ጥሬ ሩዝ በ100 ግራም 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ሲበስል ግን ከ3 ግራም በታች ይሆናል። ፓስታ ከ13 ወደ 6 ግራም ገደማ ይወርዳል። ፓስታው የሚመዘነው ውሃው ተደፍቶ በደንብ ከጠነፈፈ በኋላ፣ ሱጎው ሳይጨመርበት ነው።

ችግር፦ ያደረው ወጥ

ወጡ አድሮ ሲጠጥር ውሃ ተጨምሮበት ይሞቃል፤ ያኔ የትናንቱ 7.5 አይሠራም። የቀረው 600 ግራም ከነበረ 45 ግራም ፕሮቲን ይዟል። ከሞቀ በኋላ 700 ግራም ከመዘነ 45ን ለ700 አካፍለው በ100 ያባዙ፤ በ100 ግራም 6.4 ገደማ ይሆናል።